ጎድጓዳው ፊት

በዓይን ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ የምትሠራው ሴት ፊደል እያሳየች «ይህ ምንድን ነው?» የምትል ተራ መርማሪ አይደለችም። የእሷ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሁለቱ ዓይኖች ተስማምተው ይኖራሉ ወይስ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት አንዱ ሲያይ ሌላው ፊቱን ያዞራል? ሁለት ዓይን ያለው ሁሉ በሁለት ዓይን ያያል ማለት አይደለም። ይህን ለሰው ለማስረዳት አሥራ አራት ዓመት ደክማለች፤ ሰሚ ግን እምብዛም አላገኘችም።

በዚያ ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ቅጽ ተቀምጦ ነበር። ስድሳ ዓመት ያለፈው ቀዶ ሐኪም ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ የጥልቀት እይታው ይፈተናል፤ «ብቁ ነው» ከተባለ ይቀጥላል፣ «ብቁ አይደለም» ከተባለ ቢላውን ያስቀምጣል። የሆስፒታሉ ደንብ ነው። የቅጹ ባለቤት አባቷ ነበር።

ልጅ አባቷን መፈተን የለባትም፣ ይህን ማንም ያውቃል። ግን ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው በሆስፒታሉ የለም፤ አለቆቹም «እሷ እንኳን ለአባቷ ለራሷም አታዳላም» ብለው ነገሩን በምስጋና አድበሰበሱት። አምና የፈረመችለትም እሷው ናት።

ቅጹን ገልጣ ስሙን ሳትጨርስ የኦፕሬሽን ክፍሉ ሲስተር ሳታንኳኳ ገባች። ሃያ ሁለት ዓመት ከአባቷ ጎን ቆማ መቀስና ክር ያቀበለች ሴት ናት። በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈችበት።

«ዛሬ ጋሼን ትፈትኛለሽ አሉ።»

«አዎ።»

«በደንብ ፈትኛቸው።»

«ምን ማለት ነው ሲስተር?»

«ክሩን ሲይዙ ይስታሉ። ወደ ጎን አይደለም የሚስቱት፤ ሳይደርሱበት ነው የሚጨብጡት። አየር ይጨብጣሉ። ከዚያ ትንሽ ገፋ ያደርጉና ይደግማሉ። ማክሰኞ ደግሞ የአንዲት እናት የዓይን ሞራ ሲያወጡ ከኋላ ያለውን ስስ ሽፋን ቀደዱት።»

«እሱማ ማንም እጅ ላይ ይደርሳል።»

«ይደርሳል። እሳቸው እጅ ላይ ግን ስንቴ እንደደረሰ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከዚህ በፊት አንዴ፣ ዘንድሮ ሁለቴ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁላችንም እያየን ዝም አልን። ምን ብለን እንንገራቸው? እንዴት ክር እንደሚያዝ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።»

ሲስተሯ ስትወጣ መርማሪዋ ቅጹን ዘጋችው። ያለፈው እሑድ ትዝ አላት። አባቷ ቤት ምሳ በልተው ውኃ ሲቀዳላት የጆጉን አፍ የብርጭቆው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ነበር። እንዲህ የሚቀዱ ሰዎችን ታውቃለች፤ ዓይናቸው ያልነገራቸውን ርቀት እጃቸውን የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው፣ በየሳምንቱ በዚህች ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። አይታ «እርጅና ነው» ብላ አለፈችው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ይባል የለ፤ የሰው ዓይን ስትመረምር የምትውለው የአባቷን ዓይን ሳታይ ከርማ ነበር።

ዓይን ደግሞ የሰጣት እሱ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላት ቀኝ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ መሸሽ ጀምሮ ነበር። ሌላ አባት ቢሆን «ስታድግ ይተዋታል» ብሎ ይጠብቅ ነበር። እሱ ግን ወፍራም መነጽር አደረገላት፤ ሰነፉ ዓይን እንዲሠራ በቀን ሁለት ሰዓት ደህናውን ዓይኗን በፕላስተር ሸፈነው። ስታለቅስ አብሯት ያለቅስ ነበር እንጂ ፕላስተሩን አያነሣም ነበር። በአንጎል የኋለኛው ክፍል የሁለቱን ዓይኖች ወሬ የሚያጋጥሙ ሴሎች አሉ፤ በልጅነት ዓይኖቹ አብረው አንድ ነገር ካላዩ እነዚያ ሴሎች ሥራቸውን ሳይለምዱ ይቀራሉ፣ ኋላ ማስለመዱም ይከብዳል። እሷ ለመደች። በትልቁ መነጽሯ ምክንያት «ጉጉቴ» አላት፤ ልጆች ሲያሾፉባት «ጉጉትኮ ሁለቱም ዓይኖቿ ወደ ፊት ናቸው፣ አይጧ ስንት ክንድ እንደምትርቅ ታውቃለች፤ እርግብ ይህን ከየት ታመጣለች?» ይላት ነበር።

የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ሳህን ተነሥቶ ትምህርት ይዘረጋ ነበር። «ሁለት ጣቶችሽን ጫፍ ለጫፍ አስጠጊና ከኋላ ያለውን ግድግዳ እዪ» ይላታል። በመካከል ሁለት ጥፍር ያላት ትንሽ ጣት ተንሳፋ ትወጣለች፤ እየተንከተከተች ትስቃለች። «አየሽ፣ ግራሽ የራሱን ሥዕል ይዟል፣ ቀኝሽም የራሱን። ቅርብ የሆነ ነገር ላይ ሥዕሎቹ በጣም ይለያያሉ፣ ሩቅ ላይ ይመሳሰላሉ። አንጎል ልዩነቱን አይቶ ርቀቱን ያወጣል።» ሌላ ቀን እየጠበበ የሚሄድ የባቡር ሐዲድ ይስልና እኩል የሆኑ ሁለት የክብሪት እንጨቶችን ላይና ታች ያጋድምበታል። የላይኛው ይረዝማል። በማስመሪያ ለክታ እኩል መሆናቸውን ካየች በኋላም ይረዝማል። አሸዋ ላይ የታተመ የእግር ዱካ ፎቶ ያሳያትና ሲገለብጠው ዱካው ያብጣል፤ ብርሃን ሁልጊዜ ከላይ ይመጣል ብሎ የሚገምተው አንጎል ጥላው ሲገለበጥበት ጉድጓዱን ጉብታ ያደርገዋል።

«አንጎል ግምት ነው ሥራው ጉጉቴ» ይል ነበር አባቷ። «ማን ማንን እንደጋረደ፣ ማን እንዳነሰ፣ ጥላው የት እንደወደቀ፣ ስትሄጂ ማን ቶሎ እንዳለፈሽ እያየ ይገምታል። ለዚህ አንድ ዓይን ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ሲሳሳት ነው ግን አሠራሩን የምንይዝበት።»

ከትምህርቶቹ ሁሉ ትልቁ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የእናቷ ፊት ነበር። እናቷ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች፣ ቀልደኛ ሴት። ባሏ ለተማሪዎቹ ማሳያ የሚሆን ቅርጽ ሲፈልግ አፍንጫዋ ውስጥ ሁለት ስትሮ ሰክታ ተጋደመችና ፊቷ ላይ ጀሶ አፈሰሰባት። ጀሶው ሳይደርቅ አንድ ነገር ብሎ አሳቃት፤ የከንፈሯ ግራ ጫፍ በዚያው ፈገግ እንዳለ ቀረ። ግድግዳው ላይ የዋለው ከፊቷ የተነሣው ጎድጓዳ ቅርጽ ነው፤ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ የገባበት፣ ጉንጮቿ የሰመጡበት። ነገር ግን ከክፍሉ ማዶ ሲያዩት ጎድጓዳ አይደለም። ወደ ውጭ የወጣ፣ የተሟላ ፊት ነው፤ ሲሄዱ ፊቷን አዙራ የምትከተል ይመስላል። ወደ ውስጥ የገባ ፊት አይቶ የማያውቅ አንጎል ይህኛውንም እንደለመደው ያደርገዋል። አንድ ክንድ ያህል ሲቀርቡት ብቻ የሁለቱ ዓይኖች ልዩነት በርትቶ ግምቱን ይረታዋል፤ ያን ጊዜ ፊቷ ወደ ግድግዳው ይሰምጣል። አንድ ዓይን ሲጨፍኑ ትመለሳለች።

«እኔኮ ባሌ ሲርቀኝ ነው የማምረው» ትል ነበር እናቷ ለእንግዳ። «ሲጠጋኝ እጠፋበታለሁ።» ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

አባቷ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ጋውኑ የተተኮሰ፣ ጢሙ የተላጨ ነው። ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ።

«ጉጉቴ፣ ይህን ሽማግሌ ቶሎ ልቀቂው፤ ሦስት ሰው እየጠበቀው ነው።»

«ቶሎ እንጨርሳለን አባዬ።»

በልዩ መነጽር የሚታየውን የክቦች መጽሐፍ ሰጠችው። በየረድፉ አራት ክቦች አሉ፤ በሁለት ዓይን ለሚያይ ሰው ከአራቱ አንዱ ከወረቀቱ ተነሥቶ ይንሳፈፋል። «ታች፣ ግራ፣ ታች፣ ላይ» አለ አባቷ፣ የማባዛት ሠንጠረዥ እንደሚወጣ ልጅ። እስከ መጨረሻው አልተደናቀፈም።

አምና እዚህ ላይ ነበር አቁማ የፈረመችው። ሌላ መርማሪ ሊሠራው የማይችለው ስሕተት ነው። መጽሐፉ የትም አገር አንድ ነው፣ መልሶቹም አይለወጡም፤ እሷንም ያስተማራት እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ረድፎች ደግሞ ክቡ ወደ ጎን ሸርተት ስለሚል አንድ ዓይና ሰውም ይይዛቸዋል። አንድ ሐኪም ሠላሳ አምስት ዓመት ሲያሳይ በኖረው መጽሐፍ፣ በቃሉ በሚያውቀው የፊደል ሰሌዳ አይፈተንም። አባቷ ባይሆን ኖሮ ይህ ይጠፋት ነበር? አይመስልም።

ስክሪኑን አበራች።

«አዲስ ነው?»

«ቆይቷል። አንተን አልፈተንኩበትም እንጂ።»

ስክሪኑ ላይ የተበተነ ነጠብጣብ ብቻ ነው። በግራ ዓይን ብቻ ቢያዩት አሸዋ፣ በቀኝ ብቻ ቢያዩትም አሸዋ። ጠርዝ የለው፣ ጥላ የለው፣ አንዱ ሌላውን አይጋርድ። አንጎል ሁለቱን አሸዋ አስተያይቶ ልዩነቱን ሲያገኝ ብቻ አንድ ካሬ ተለይቶ ወደ ፊት ይወጣል። ቦታውንም ማሽኑ በየጊዜው ይቀይረዋል፤ በቃል አይያዝም።

አባቷ አየ። አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ። መነጽሩን አውልቆ ወለወለና መለሰው።

«ላይ» አለ።

ካሬው ታች ነበር።

«ግራ።»

ቀኝ ነበር። ልዩነቱን አሰፋችለት፤ አሁንም አሰፋችለት። በመጨረሻ የአራት ዓመት ልጆች ሊይዙት እጃቸውን የሚዘረጉበት ላይ ደረሰች። እሱ እጁን አልዘረጋም።

«ማሽንሽ ተበላሽቷል።»

መነጽሩን ከፊቱ አንሥታ ራሷ አደረገችው። ካሬው እፊቷ ቆሟል።

«አልተበላሸም አባዬ።»

ቀኝ ዓይኑን በመዳፏ ሸፈነችውና ቅደም ተከተላቸውን ራሷ ያቀያየረቻቸውን ፊደሎች አሳየችው። ትልቋን ፊደል ፈለጋት፤ በአገጩ፣ በግንባሩ ፈለጋት። መዳፏ ላይ ሽፋሽፍቱ ሲርገበገብ ይሰማታል።

«መሃሉ የለም» አለ በመጨረሻ። «ዳር ዳሩን ነው የማየው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሃያ ወር።»

አምና ስትፈርምለት ስምንት ወር አልፎት ነበር ማለት ነው።  የማክሰኞዋን እናት አሰበች፤ ፊቷን አይታት አታውቅም።

«ስሚኝ» አለ አባቷ፤ የአስተማሪ ድምፁ ተመለሰ። «መኪና እነዳለሁ። ደረጃ እወርዳለሁ። የተወረወረልኝን ቁልፍ እይዛለሁ። ሰው በአንድ ዓይኑ ይኖራል፤ ይህን ላንቺ የምነግርሽ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ። ማይክሮስኮፕ ሥር ግን ራስህን አታንቀሳቅስም። መብራቱ በዚያው በምታይበት ቀዳዳ ነው የሚገባው፤ ጥላውን ያጠፋዋል። መጠኑን ከሩቅ የምታውቀው ነገር እዚያ የለም፤ ሐዲድ የለ፣ ሰማይ የለ። ሁሉንም ወስደው ሁለቱን ዓይኖች ብቻ ይተዉልሃል። ይህን ከማን ተማርኩት?»

 አባቷ የተተኮሰ ጋውኑን ጉልበቱ ላይ ደባበሰ።

«ሦስት ወር ስጪኝ። ከዚያ ራሴ ጡረታ እወጣለሁ። እናትሽ ከሄደች ወዲህ እኔን ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ይህ ሥራ ነው፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ፈርሚ፣ ጉጉቴ።»

ፈረመች። «ብቁ አይደለም» የሚለው ላይ።  አባቷ ቅጹን አየው፤ ለማየት ፊቱን ወደ ግራ ማዞር ነበረበት።

«ያን ሁሉ ጊዜ ዓይንሽን ሸፍኜ አብሬሽ ያለቀስኩት ለዚህ ነው?»

ይህን ብሎ ወጣ። በሩን በቀስታ ነው የዘጋው፤ ቢያላጋው ይሻላት ነበር። እሷ መብራቱን አጥፍታ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሦስት ሕመምተኞች በር ላይ ጠበቋት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፏን ይዛ ወደ ቤቱ ሄደች። መንገዱን ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበር የሚነዘንዛት። ሃያ ወር ሙሉ ሳይታከም እንዴት ዝም እንዳለ። ከቀትር በኋላ የሬቲና ሐኪሙን አስቁማ «እንዲህ መሃሉ ድንገት የሚጠፋው ምን ቢሆን ነው?» ብላው ነበር። ከዓይኑ ጀርባ የደም ሥር ሲዘጋ ነው አላት፤ መሃሉ ላይ ውኃ ይቋጥራል። ወዲያው ቢመጣ በየወሩ በሚወጋ መርፌ ብዙውን ጊዜ የተወሰነው እይታ ይመለሳል፤ ሲቆይ ግን ሴሎቹ ይሞታሉ። አባቷ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ጓደኞቹ ሁሉ የዓይን ሐኪሞች ናቸው። አንድ ፎቅ መውጣት ብቻ ነበረበት።

ስትገባ አልሰማትም። ሳሎኑ ውስጥ የምሽቱ ብርሃን ለስላሳ ነበር። አባቷ ግድግዳው ጋ ቆሟል፤ ከእናቷ ፊት አንድ ስንዝር ርቀት ላይ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የዛሬውን ውሎ እየነገራት ነበር።

«አባዬ።»

አልደነገጠም፣ አልዞረምም።

«ለምን አልታከምክም?» አለችው። «መርፌው እዚያው አለ፣ ሐኪሙ እዚያው አለ። ለምን?»

 ሲናገር ፊት ለፊቱ ላለችው የሚናገር ይመስል ነበር።

«ከሞተች በኋላ ማታ ማታ ከዚያ ከወንበሩ አያታለሁ። ፈገግ ትላለች፣ ስነሣ ትከተለኛለች። ልስማት ስቀርብ ትሄዳለች። ጀሶ ትሆናለች። ሁልጊዜ አንድ ክንድ ሲቀረኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ እሞክራለሁ፤ ግን እየጨፈንኩ መሆኔን አውቀዋለሁ፣ ራሴን ማታለሌ ይሰማኛል፤ ሰው ሚስቱን እየጠቀሰ ያያል?» ትንሽ ሳቅ አለ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። «አንድ ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ስታጠብ ሳሙና ገብቶብኝ ቀኝ ዓይኔን ብጨፍን መስተዋቱ ውስጥ መሃሌ የለም። ወዲያው ገባኝ፤ የደም ሥር ነው። ልብሴን ለብሼ ወደ ሆስፒታል ልሄድ ወጣሁ። በዚህ በኩል አለፍኩ። ቀረብኳት። አንድ ክንድ ሆነ፣ ግማሽ ክንድ ሆነ። አልሄደችም።»

ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ነገ እሄዳለሁ አልኩ። በነጋታውም ነገ አልኩ። ዓይኑ ሲመለስ እሷ ትሄዳለች፤ ጉጉቴ፣ አስቢው እስቲ። በእጄ እንደገና እንድቀብራት ነበር የሚጠየቀው። ሁለተኛ አልችልም አልኩ።» አሁን ዞረ። ጉንጩ ረጥቧል። «ማክሰኞ ሽፋኗን የቀደድኩባትን እናት ነገር ግን አላሰብኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመምተኛዬን አላሰብኩም። አንቺ አሰብሽላት። ልክ ነሽ፤ ጠዋት የተናገርኩትን እርሺው።»

ልትወቅሰው አፏን ከፈተች። ሐኪም ባትሆንም የሐኪም ልጅ ናት፤ የምትለው ብዙ ነበር። ግን ሽማግሌው ሁለት እጆቹን አንጠልጥሎ እንደ ተቀጣ ተማሪ ሲያያት አንዱም ቃል አልወጣላትም። ተነሥታ ሄደችና አጠገቡ ቆመች፤ ትከሻዋ ትከሻውን ነካ።

እናቷን አየቻት። አባቷ ያቀናቸው ሁለቱ ዓይኖቿ ሥራቸውን ሠሩ፤ አፍንጫው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጉንጮቹ ሰምጠዋል፣ የተሰነጠቀ ጀሶ ጎድጓዳ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መዳፏን አንሥታ ግራ ዓይኗን ሸፈነች፤ ያኔ በፕላስተር የሚሸፍንላትን ያንኑ ዓይን። እናቷ ከግድግዳው ወጣች። በከንፈሯ ግራ ጫፍ ፈገግ አለች፤ እስትንፋሷ ሊነካት የሚችል ያህል ቀርባለች። እጇን ስታወርድ እንደገና ሄደች።

ይህን ሃያ ወር ሙሉ ሲያይ ኖሯል። ከእንግዲህም የሚያየው ይህን ብቻ ነው፤ ነገ ማንም ቀስቅሶ ወደ ሥራ አይጠራውም።

«አለች አይደል?» አለ አባቷ፣ ከግድግዳው ዓይኑን ሳይነቅል።

አሥራ አራት ዓመት ሰው ያላየውን አየሁ እንዳይል ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ሁለቱም ዓይኖቿ ተከፍተው ጎድጓዳውን እያዩ ነበር።

«አለች፣ አባዬ» አለችው።